ኢቪፒኤን ምንድን ነው? ሊፍ ስዊቾች ስለ ማክና አይፒ የሚነጋገሩበት መንገድ

አንድ ዳታ ሴንተር እናስብ። ሦስት ሊፍ ስዊቾች አሉ፤ ከላይ በሁለት ስፓይን ተያይዘዋል። ሊፍ 1 ላይ 10.1.10.11 የሚባል ሰርቨር ተሰክቷል። ሊፍ 3 ላይ ደግሞ 10.1.10.13 አለ። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ሰብኔት ውስጥ ናቸው። በስዊቾቹ መሀል ያለው ኔትወርክ ግን የሚያውቀው አይፒ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ቪኤክስላን ነው። ሊፍ 3 ከሰርቨሩ የመጣለትን ፍሬም በዩዲፒ ፓኬት ይጠቀልለዋል። ፖርቱ 4789 ነው። የትኛው ኔትወርክ እንደሆነ የሚለይ ቪኤንአይ የሚባል ቁጥር ይጨምርበታል፤ የእኛው 10100 ይሁን። ከዚያ ለሊፍ 1 ይልከዋል፣ ሊፍ 1 ጥቅሉን ፈትቶ ለሰርቨሩ ያደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ያ ማክ አድራሻ ሊፍ 1 ጋ እንዳለ ሊፍ 3 በምን አወቀ?

በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7348 ላይ ያለው መንገድ ቀላል ነው፦ የማታውቀውን ለሁሉም በትን፣ መልሱ ከየት እንደመጣ አይተህ ያዝ። ይሠራል። ግን ኔትወርኩ ባደገ ቁጥር የሚበተነውም አብሮ ያድጋል። ኢቪፒኤን አካሄዱን ይገለብጠዋል። ሊፉ ያወቀውን ሳይጠየቅ፣ ራውተሮች ራውት በሚለዋወጡበት በቢጂፒ ይናገራል። ኮንትሮል ፕሌን የሚባለው ይህ ነው፤ ፓኬቱን አይሸከምም፣ ፓኬቱ የት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። መጀመሪያ በ2015 በአርኤፍሲ 7432 ለኤምፒኤልኤስ ተጻፈ። በ2018 አርኤፍሲ 8365 ለቪኤክስላን እንዴት እንደሚውል ደነገገ።

አሁን ሊፍ 1ን ጠጋ ብለን እንየው። ቪኤንአይ 10100 ሲዋቀርበት ታይፕ 3 የሚባል ራውት ያወጣል፦ «እኔም እዚህ ቪኤንአይ ውስጥ አለሁ፣ ለሁሉም የሚላከውን ለእኔም አድርሱኝ»። ከዚያ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ፍሬም ይልካል። ሊፍ 1 እንደማንኛውም ስዊች ማኩን ከፖርቱ ላይ ይማራል፣ ወዲያው በታይፕ 2 ራውት ያስተዋውቀዋል። ሰርቨሩ አርፕ ሲልክ ደግሞ አይፒውም ይታወቃል። ያኔ ማክና አይፒ አንድ ላይ የያዘ ሁለተኛ ራውት ይወጣል። ኤፍአርአር በሚባለው የራውቲንግ ሶፍትዌር ላይ ይህን ይመስላል፦

```
[2]:[0]:[48]:[52:54:00:aa:10:11]:[32]:[10.1.10.11]
    10.0.0.1
    RT:65001:10100 ET:8
```

ከግራ ያለው 2 የራውቱ ዓይነት ነው። 48 የማኩ፣ 32 የአይፒው ርዝመት በቢት ነው። `10.0.0.1` የሊፍ 1 ሉፕባክ ነው፤ የቪኤክስላኑ ጥቅል የሚላከው ወደዚህ ነው። `RT` ራውቱ የትኛው ኔትወርክ ውስጥ መግባት እንዳለበት ይናገራል። `ET:8` ጥቅሉ ቪኤክስላን ነው ማለት ነው።

አይፒው አብሮ መምጣቱ ትልቅ ጥቅም አለው። በሊፍ 3 ያለው ሰርቨር «10.1.10.11 ማነው?» ብሎ አርፕ ሲልክ፣ የአርፕ ማፈኛው ከበራ ሊፍ 3 ራሱ ይመልስለታል። ጥያቄው ከዚያ ራክ አያልፍም። አንድ ገደብ ግን አለ። ጭራሽ ያልተናገረን ሰርቨር ሊፉ አያውቀውም፣ ያላወቀውን ደግሞ አያስተዋውቅም። ስለዚህ መበተኑ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ቨርቹዋል ማሽኑ ከሊፍ 1 ወደ ሊፍ 2 ቢዛወርስ? ሊፍ 2 ያንኑ ማክ ተራ ቁጥር 1 አድርጎ ያስተዋውቃል። ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል፤ ሊፍ 1 የራሱን ይሰርዛል። አንድ ማክ በ180 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ቦታ ከቀየረ ግን ነገሩ ዝውውር አይመስልም፣ ምናልባት ሉፕ አለ። አርኤፍሲ 7432 በመነሻነት ያስቀመጠው ልክ ይህ ነው፤ ሊፉ ያንን ማክ ማስተዋወቁን ያቆምና ያሳውቃል።

አንዴ ግማሽ ቀን የበላብኝን ችግር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሊፍ የራሱ ኤኤስ ቁጥር ነበረው፤ ስለዚህ ከስፓይኖቹ ጋር የሚያወራው በኢቢጂፒ ነበር። የቢጂፒ ሴሽኑ ተመሥርቷል፣ ታይፕ 2 ራውቱ ሊፍ 3 ላይ ይታያል፣ ፒንግ ግን አይሄድም። ራውቱ አለ ብዬ ሌላ ሌላውን ስበረብር ቆየሁ። ችግሩ ከራውቱ ስር ያለው፣ ኔክስት ሆፕ የሚባለው አድራሻ ላይ ነበር። 10.0.0.1 መሆን ሲገባው የስፓይኑ አድራሻ ተቀምጧል። ኢቢጂፒ ራውት ሲያሳልፍ ኔክስት ሆፑን በራሱ አድራሻ መተካት ልማዱ ነው። ሊፍ 3 ታዲያ ጥቅሉን ለስፓይኑ ይልካል። ስፓይኑ ቪኤንአይ 10100ን አያውቅም፣ ስለዚህ ይጥለዋል።

ኤፍአርአር የኢቪፒኤን ራውት ሲያሳልፍ ኔክስት ሆፑን ሳይነካ ይተወዋል። የእኔ ስፓይኖች በሚሠሩበት የሲስኮ ኤንኤክስ-ኦኤስ ላይ ግን ስፓይኑ ወደ ሊፎቹ በሚልክበት ራውት ማፕ ውስጥ ይህን መጻፍ ያስፈልጋል፦

```
set ip next-hop unchanged
```

ከዚያ ሊፍ 3 ላይ ራውቱን ደግሜ አየሁት። ከስሩ 10.0.0.1 ተቀምጧል። ፒንጉም መለሰ።