አንድ ኪኒን፣ ሁለት ሰው፦ ባሕር ዳር ፋርማሲ መስኮት ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ወንድሜ በኪሎ እጥፌ ነው። ለወባ ግን እኩል አራት አራት ኮአርተም ሰጡን። ተሳስተው መሆን አለበት።»

አልተሳሳቱም። ኮአርተም የሚታዘዘው በኪሎ ቢሆንም 35 ኪሎ ላይ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል። ከ5 ኪሎ እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ ሕፃን በአንድ ጊዜ አንድ ኪኒን ይወስዳል። 15 ሲሞላ ሁለት፣ 25 ሲሞላ ሦስት፣ 35 ሲሞላ አራት ይሆናል። ከዚያ በላይ 45 ኪሎ የምትመዝን ልጅም፣ 80 ኪሎ የሚመዝን ገበሬም አራት ነው የሚውጡት። ኪሎ ወሳኝ የሚሆነው ለልጆች ነው። ስለዚህ «ስድስት ዓመቷ ነው» ከማለት ሚዛን ላይ ማቆም ይሻላል። የስድስት ዓመት ልጅ ሁሉ እኩል አይመዝንም።

«ትኩሳት ላይ እህል አይወርድልኝም። ደግሞም ጾም ነው። በውኃ ብውጠውስ ምን አለበት?»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት ወንድማማቾች ፎገራ ሩዝ ሲያጭዱ ከርመው ሁለቱም በወባ ወደቁ እንበል። ኪሎአቸው ተቀራራቢ፣ ኪኒናቸው አንድ ዓይነት። አንዱ በውኃ ብቻ ዋጠ። ሌላው ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ በልቶ ዋጠ። በሦስተኛው ቀን የሁለቱም ትኩሳት ወርዷል። እስካሁን ልዩነት አይታይም።

ኮአርተም ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አርቴሜተር ፈጣን ነው፤ ትኩሳቱን የሚያወርደው በዋናነት እሱ ነው። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ቀስ ብሎ ለቀናት ደም ውስጥ እየቆየ የተረፈውን ተውሳክ ይጠርጋል። ችግሩ ሉሜፋንትሪን በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ ስብ ይፈልጋል። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደው ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ያህል ወደ ደም ገብቷል። አርቴሜተርም እጥፍ ሆኗል። በውኃ የዋጠው ወንድም ላይ ጠራጊው ስላነሰ ወባው ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ያኔ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነበር» ይባላል። (ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆም ይመለሳል፤ ስለዚህ ከተመለሰ ደሙ እንደገና ይመርመር።)

ደስ የሚለው፣ ብዙ ስብ አያስፈልግም። አንድ ጥናት 36 ሚሊ ሊትር የሶያ ወተት ብቻ፣ ማለትም 1.2 ግራም ያህል ስብ፣ ሉሜፋንትሪን ሊገባ ከሚችለው 90 በመቶውን እንዲገባ ማድረጉን አሳይቷል። ስለዚህ ጾምን መፍታት አያስፈልግም። ዘይት ያለው ሽሮ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ግማሽ አቮካዶ ይበቃል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ከዋጡ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስታወከዎት ያንን ዙር ይድገሙት።

«ኮዴይን ለጓደኛዬ ምንም አላላትም። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ አፈዘዘኝ። ሰውነቴ ደካማ ስለሆነ ነው።»

ድካም አይደለም፤ እንዲያውም ጉበትዎ ፈጣን ሳይሆን አይቀርም። ኮዴይን ራሱ ደካማ ማስታገሻ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው በዋናነት ያ ሞርፊን ነው። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ኮዴይን ቢወስድ ብዙም አይረዳውም። የኢንዛይሙ ጂን ተባዝቶ የወረደለት ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ሞርፊን በፍጥነት ይሠራል።

ይህ እኛን በተለይ ይመለከተናል። በ1996 የታተመ ጥናት ከ122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን የተባዛ ጂን እንደያዙ አሳይቷል። ስዊድናውያን ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይም ለምታጠባ እናት ኮዴይን ያለበት ሽሮፕም ኪኒንም አይሰጥ፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ያልፋል። ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ፈጣን ኢንዛይም ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘውን አሚትሪፕቲሊንን ቶሎ ያስወግዳል። ኮዴይን የበዛበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ሊያንሰው ይችላል ማለት ነው። «እኔ መድኃኒት ይከብደኛል» የሚባል ጠቅላላ ጠባይ የለም፤ እያንዳንዱን መድኃኒት ለብቻው ማየት ነው።

«በዘር የመጣ ከሆነማ ዕድሜ ልክ አይለወጥም።»

ጂኑ አይለወጥም፤ የኢንዛይሙ ሥራ ግን ይለወጣል። በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት እዚህ የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጽሮ ነበር። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ እዚህ ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገምተኛ ነበር። ከምግብ ወይም ከአካባቢ የመጣ ነገር ይመስላል። መድኃኒትም ያደርገዋል። ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳል፤ የሚወስደው ሰው ጂኑ ፈጣን ቢሆንም ኮዴይኑ ላይሠራለት ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ይህ መታገድ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ «አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስንልዎት ባለፈው ወር ያቆሙትንም ይንገሩን።