አራተኛው ጥይት፦ ራስን መከላከል ከልክ አለፈ የሚባለው መቼ ነው?

አንድ ሰው ራሱን ሲከላከል ያጠቃውን ሰው ክፉኛ ቢጎዳ ወይም ቢገድል መጀመሪያ ሚነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ እሱ በቦክስ መታው፣ ታዲያ ይሄኛው ለምን በቢላ ወጋው? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መለኪያው ግን ስህተት ነው። ሕጉ የሁለቱን ሰዎች ቁስል ጎን ለጎን አስቀምጦ የቱ ይበልጣል አይልም። ሚያነጻጽረው የተወሰደውን እርምጃ ከተደቀነው አደጋ ጋር ነው፣ አደጋውም ሚለካው እርምጃው በተወሰደበት ቅጽበት በነበረው ልክ እንጂ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሬሳ ወይም የሆስፒታል ወረቀት እያየን አይደለም።

በብዙ አገር ሕግ ነገሩ በተራ ነው ሚታየው። መጀመሪያ ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት፣ ደግሞ አሁን እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊጀምር የደረሰ መሆን አለበት፣ ትናንት የመታህን ሰው ዛሬ ብትመታው ያ በቀል እንጂ መከላከል አይባልም። ቀጥሎ ሚመጣው ከዚህ ቀለል ያለ ግን በእርግጥ የሚሰራ መንገድ ነበረ ወይ ሚለው ነው። "የሚሰራ" ሚለውን ቃል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ቀላል መንገድ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ያ መንገድ ጥቃቱን ማስቆም መቻል አለበት። ተመጣጣኝነት ሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ አገሮች በጣም ሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 ዋናው ጥያቄው እርምጃው አስፈላጊ ነበር ወይ ሚለው ነው እንጂ የተጠበቀው ነገርና የጠፋው ነገር እኩል ይመዝናሉ ወይ አይልም። ይሄን አስተሳሰብ ጥግ ድረስ የወሰደው የ1920 እ.ኤ.አ. ፍርድ ነው። የፍራፍሬ እርሻ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ፍሬ ሰርቀው ሚሮጡ ሰዎችን ቁሙ ብሎ አልቆም ሲሉ ተኩሶ አንዱን አቆሰለ፣ የዚያን ጊዜው የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ትክክል ነው አለው። ዛሬ ላይ እዛው ጀርመን ውስጥ እንኳን እንዲህ አይነት ግልጽ አለመመጣጠን ሲኖር መብቱ ይገደባል፣ እኔም መገደቡ ትክክል ነው እላለሁ፣ ለአንድ ቅርጫት ፍሬ የሰው ገላ ሚበሳበት ሕግ ሊኖር አይገባም።

አሁን "ባዶ እጁን ለነበረ ሰው መሳሪያ ማንሳት ሁሌም ከልክ ያለፈ ነው" ሚለውን እምነት እንየው። አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ከእሷ በጣም የሚከብድ ሰው ከኋላዋ አንገቷን በክንዱ ጠምዝዞ ይዟታል እንበል። መሳሪያ የለውም። ግን አንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም ሚወስዱት ስሮች በደንብ ከተጫኑ ሰው አስር ሴኮንድ አካባቢ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ከዛ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጮኸች አልተቻለም፣ በክርኗ መታችው አለቀቀም፣ እጇ ላይ ያለው መቀስ ነው፣ ጭኑን ወጋችው፣ ደም ስር አገኘውና ሞተ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው በባዶ እጅ ለያዛት ሰው ሞት? ይላል። ቅጽበቱን ያየ ሰው ግን ያንን ክንድ ለማስለቀቅ ሌላ ምን ነበራት ብሎ ነው ሚጠይቀው፣ መልሱም ምንም ነው። መመጣጠን ማለት መሳሪያ ከመሳሪያ ጋር ማጣመድ አይደለም። ክንዱ ከለቀቃትና ሰውየው መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሁለተኛ ብትወጋው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሌላ።

ይሄ የ"ሁለተኛ" ነገር ነው ከሁሉም በላይ ከባዱ፣ ሁለት የታወቁ ፍርዶች አሉ፣ ሁለቱም ላይ አራት ጥይት ነው የተተኮሰው፣ ሁለቱም ላይ ክርክር ያስነሳው አራተኛው ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1921 የወሰነው የብራውን ጉዳይ ነው። ብራውን ቁፋሮ ሚቆጣጠር ሰው ነበር፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በቢላ ያጠቃውና ሲዝትበት የነበረ ሰው ስላለ ለማንኛውም ብሎ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ ኮቱ ውስጥ አስቀምጧል። ሰውየው ቢላ ይዞ ሲመጣበት ብራውን ወደ ኮቱ ከ20 እስከ 25 ጫማ ያህል አፈገፈገ፣ ሽጉጡን አወጣ፣ ሰውየው እየሰነዘረበት እያለ አራት ጊዜ ተኩሶ ገደለው። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ግን ሰውየው ወድቆ ነበር ሚል ማስረጃ ቀረበ። ዳኛ ሆምዝ የጻፉት ውሳኔ እስከ ዛሬ ሚጠቀሰው ለዚህ ነው፦ ቢላ በተሰነዘረበት ሰው ፊት የተረጋጋ ማሰላሰል ሊጠየቅ አይችልም፣ ያ የመጨረሻ ጥይት በኋላ በቀዘቀዘ አእምሮ ሲታይ አላስፈላጊ ቢመስል እንኳን ከሌሎቹ ጋር ተከታትሎ የተተኮሰ ከሆነ፣ ግብግቡ ገና ትኩስ ከሆነና ተኳሹም ለሕይወቱ እየታገለ እንደሆነ ካመነ፣ በዛ ብቻ መከላከያውን አያጣም። ጥፋተኛ ያለው ፍርድም ተሻረ።

ሁለተኛው በ1990 ቤልፋስት ውስጥ የሆነ ነው። አንድ የእንግሊዝ ወታደር ኬላ ላይ እያለ የተሰረቀ መኪና በፍጥነት ሲመጣ አራት ጥይት ተኮሰ። የመጀመሪያው ችሎት ሶስቱ ከፊት መስታወቱ በኩል የገቡት ራሱን ወይም ጓደኛውን ለመከላከል የተተኮሱ ናቸው ብሎ ተቀበለ፣ አራተኛው ግን መኪናው ካለፈና ወደ 50 ጫማ ያህል ከራቀ በኋላ ነው የተተኮሰው፣ በዛ ሰአት አደጋው አልፏል አለ። አራተኛው ጥይት መኪናው ውስጥ የነበረች ተሳፋሪን ገደለ። በግድያ ተፈረደበት፣ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚም በ1995 አጸናው።

ሁለቱን ሳነጻጽር ሚታየኝ የጥይት ቁጥር እኩል መሆኑ ሳይሆን የቅጽበቱ ልዩነት ነው። ብራውን ጋር ሰውየው ቢላ ይዞ ቅርቡ ነው፣ አራተኛው ጥይትም ከሌሎቹ ጋር ተከታትሎ የተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ወታደሩ ጋር ግን በችሎቱ ግኝት መሰረት መኪናው አልፏል፣ ጀርባውን ሰጥቷል፣ ሚያስቆመው ጥቃት አልቀረም። የሕጉ ሙሉ ጥያቄ ያቺ ክፍተት ውስጥ ነው ያለችው፦ ጥቃቱ ያለቀበት ቅጽበትና ሰውየው ማለቁን ሊያውቅ የሚችልበት ቅጽበት አንድ አይደሉም። ዳኛ ሁለተኛውን ነው መያዝ ያለበት፣ ምክንያቱም የፈራ ሰው አይኑ ያየውን አእምሮው እስኪቀበል ጊዜ ይወስዳል።

እንግዲህ ይሄንን ክፍተት ማን ይለካል? ተከሳሹ ራሱ ብዙ ጊዜ አያስታውስም፣ ሁለት ጥይት ነው የተኮስኩት ብሎ አምስት ቀለህ ሊገኝ ይችላል፣ ይሄ የግድ ውሸት አይደለም፣ በድንጋጤ ውስጥ ጊዜም ቁጥርም ይዛባል። ስለዚህ ነገሩን ሚናገረው በአብዛኛው ቁሳዊው ማስረጃ ነው፦ ጥይቱ በፊት ነው በጀርባ የገባው፣ አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች ነው ወይ (ወድቆ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል)፣ ደሙ ያለው የት ጋ ነው፣ በራሱ በተከላካዩ እጅና አንገት ላይ ምልክት አለ ወይ። ግን ይሄም ይሳሳታል። የቤልፋስቱ ወታደር ጉዳይ እዛ ላይ አላበቃም፣ አራተኛው ጥይት በእርግጥ ከኋላ ነው ወይ የገባው ሚለው ላይ አዲስ የባለሙያ ማስረጃ ጥርጣሬ ስላስነሳ ፍርዱ በ1998 ተሰረዘ፣ በ1999 በድጋሚ ታይቶ ከግድያው ክስ ነጻ ወጣ። አንድ ቀዳዳ ያለበት ቦታ በነፍሰ ገዳይነትና በነጻነት መሀል ያለው ልዩነት ነበር። ለዚህ ነው የጀርባ ቁስል አለ ሚል ወሬ ብቻ ሰምቶ መፍረድ ሚያሳስበኝ፣ ሰው በተኩስ መሀል ዞሮም በጀርባው ሊመታ ይችላል።

ከልክ ማለፉ ከተረጋገጠ ምን ይከተላል ሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ራስን መከላከል ወይ ሙሉ በሙሉ ይሰራል ወይ አይሰራም፣ የ1995ቱ ውሳኔ ከልክ ያለፈ ኃይል ብቻውን ግድያን ወደ ቀለለ ወንጀል አይቀይርም ያለው ለዚህ ነው። እኔ ይሄ ጭካኔ ነው ባይ ነኝ፣ አንድ ሴኮንድ የዘገየ ሰውና አድብቶ የገደለ ሰው አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም። የጀርመን ሕግ አንቀጽ 33 ሰው በግራ መጋባት፣ በፍርሀት ወይም በድንጋጤ ምክንያት ልኩን ካለፈ አይቀጣም ይላል፣ በንዴት ያለፈ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 79 ተቀራራቢ መንገድ ይዟል፣ ልክ ያለፈ ቅጣቱ ይቀንስለታል፣ ማለፉ ጥቃቱ ከፈጠረበት ይቅርታ ከሚገባው ፍርሀት ወይም ድንጋጤ የመጣ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ሚምታታው ደግሞ የግድ ሁኔታ ነው፣ ማለትም ራስህን ለማዳን ያላጠቃህን ሰው ወይም የሱን ንብረት ስትጎዳ። እዚህ ላይ ሚዛኑ በጣም ይጠብቃል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ አጥቂው ችግሩን ራሱ ስላመጣው ጉዳቱን ቢሸከም ያስኬዳል፣ ሶስተኛው ሰው ግን ምንም አላደረገም። ከእሳት ለማምለጥ የጎረቤት በር ብትሰብር ሕግ ይረዳሀል፣ የበሩን ዋጋ መክፈል ግን ሊኖርብህ ይችላል። በ1910 የሚኒሶታ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ እንዲህ ነው፣ የመርከብ ሰዎች በማእበል ወቅት መርከባቸውን ከሰው ወደብ ጋር አስረው አቆዩ፣ መርከቡ ዳነ፣ ወደቡ ግን ተጎዳ፣ ማሰራቸው ትክክል ነበር ግን 500 ዶላር ክፈሉ ተባሉ።

ከንብረት ወጥቶ ሕይወት ላይ ሲደርስ ሂሳቡ ራሱ አይሰራም። በ1884 ሚኞኔት የምትባል ጀልባ ሰጥማ አራት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ባህር ላይ ቀሩ፣ ወደ 20 ቀን ገደማ ሲሆናቸው ምግብም ውሀም ሲያልቅ ሁለቱ የታመመውን ወጣት ሰራተኛ ገድለው ሶስቱ በሉት፣ ከቀናት በኋላ መርከብ አገኛቸው። አንድ ሞቶ ሶስት ዳነ ነው ክርክራቸው፣ በቁጥር ካየኸው ተመጣጣኝ ይመስላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ግን ልጁ ማንንም አላጠቃም፣ ከአራቱ ማን ይሙት ብሎ ሚመርጠውስ ማነው ብሎ አልተቀበለም፣ በገደሉት ሁለቱ ላይ ሞት ፈረደ። ቅጣቱ ወዲያው በምህረት ወደ ስድስት ወር እስር ወረደ።