ኩዊክ ፒክ ወይስ በራስ የተመረጠ ቁጥር?

አሜሪካ ውስጥ ፓወርቦል የተባለው ሎተሪ ሲቆረጥ አምስት ነጭ ቁጥር ከ1 እስከ 69፣ አንድ ቀይ ቁጥር ደግሞ ከ1 እስከ 26 ይመረጣል። ቁጥሮቹን ራስዎ በወረቀቱ ላይ ያጠቁራሉ፤ አለዚያ «ኩዊክ ፒክ» ይላሉና ማሽኑ ይመርጥልዎታል።

አምስቱን ነጭ ቁጥሮች በ11,238,513 መንገድ መምረጥ ይቻላል። ይህ በ26 ሲባዛ 292,201,338 ይሆናል። አንድ ቲኬት ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ማን እንደመረጠው በዕጣው የሚወጡት ኳሶች አያውቁም። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እንኳ ከተዘበራረቀ ቁጥር እኩል ዕድል አለው።

«አብዛኞቹ አሸናፊዎች ኩዊክ ፒክ ናቸው» የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የሚሸጠው ቲኬት አብዛኛው ኩዊክ ፒክ ስለሆነ አሸናፊውም በዚያው መጠን ከዚያ ይወጣል።

ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ዋናው ሽልማት ተመሳሳይ ቁጥር ለያዙ ሁሉ እኩል ይካፈላል። የልደት ቀን የሚመርጥ ሰው ከ31 በላይ ስለማይሄድ፣ አምስቱ ቁጥሮቹ ከ169,911 ጥምረቶች አንዱ ናቸው፤ ከጠቅላላው 1.5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህች ጠባብ ሜዳ ብዙ ሰው ይጋፋል። 100 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣና አራት ሰው ቢይዘው፣ ከግብር በፊት ለእያንዳንዱ 25 ሚሊዮን ይደርሰዋል።

ማሽኑ ይህን መጋፋት ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ለሌላ ሰውም ያንኑ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ራሱ መምረጥ የሚወድ ከ31 በላይ ያሉትን ቢቀላቅል ያው ጥቅም ያገኛል፤ የማሸነፍ ዕድሉ ግን ያው ነው።