«እሷ እኮ በነፃ ነው የምትኖረው» እና ሌሎች የጧሪ ቤት ክርክሮች

«እኛ ብር እንልካለን። እሷ እናታችን ቤት በነፃ ትኖራለች፣ ምን ከፈለች?»

ደሴ ውስጥ በጥብቅና ስሠራ ከወንድምና እህት አፍ የዚህን ያህል የሰለቸኝ ንግግር የለም። የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። ብር ይቆጠራል፣ ሌሊት አይቆጠርም፤ ችግሩ ይኸው ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። እናት ሆጤ ነው የሚኖሩት። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ትልቁ ልጅ ኮምቦልቻ ይነግዳል፤ በወር 3,000 ብር ይሰጣል። ሁለተኛዋ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ 5,000 ትልካለች። ትንሿ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። እናቷ ሲወድቁ ንግዱን ዘጋችው። ወንድምዬው ሒሳቡን በወረቀት ጽፎ መጣ። ከትንሿ ስም ፊት ለፊት ያለው ቁጥር 0 ነው።

ደብተር አውጥተን የቤቱን ወጪ ጻፍን። ዳይፐር 2,400። መድኃኒት 1,600። ምግብ 3,500። ሳሙና፣ ውሃና መብራት 900። ሐኪም ቤት ለመመላለስ ባጃጅ 600። ድምሩ 9,000 ሆነ። የሚመጣው 8,000 ነው። የጎደለውን 1,000 ማን ሲሞላ ከረመ? ትንሿ፣ ከንግዷ ከተረፈቻት ጥሪት። በዚያ ላይ ከበርበሬው በወር 5,000 ያህል ታገኝ ነበር፤ እሱም ቀርቷል። እንግዲህ ዜሮ የተባለችው ልጅ በወር 6,000 እየከፈለች ነው። ከሦስቱም የበለጠ የምታወጣው እሷ ናት።

ይህ ጉልበቱ ሳይታሰብ ነው። ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው በተኛበት እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑን መቀየር ያስፈልጋል። ሌሊትም ጭምር። ወገቡ ሥር፣ ዳሌው ወይም ተረከዙ ላይ ቀላ ብሎ፣ በጣት ሲጫኑት መቅላቱ ካልጠፋ፣ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል ማለት ነው። ሲያበሉትም ቀና አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያስቸግረው ይችላል፤ በችኮላ ካጎረሱት ትን ይለውና ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። ወንድምዬውን «እስቲ ይህን የምትሠራ ሰው ፈልግ» አልኩት። ደላላ ዘንድ ሄደ። ቀን ቀን ብቻ በወር 4,500 የምትሠራ ተገኘች። ሌሊቱን ግን «አልችልም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዜሮው አላነሳም።

በመጨረሻ እሱም ጂዳ ያለችውም 6,000፣ 6,000 እንዲያወጡ ተስማሙ። ከ12,000ው 9,000 ለቤቱ ወጪ፣ 3,000 ለትንሿ። ሙሉ ካሳ አይደለም፤ ግን ከዜሮ ይሻላል። በተጨማሪ ወንድምዬው በሳምንት ሁለት ሌሊት እናቱ ጋ ሊያድር ቃል ገባ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሩቅ ነው የሚል ሰበብ አይሠራም።

ስምምነቱ ብዙ ሳይቆይ ተሰነጠቀ። ብሩ አልቀረም። ሌሊቱ ነው የቀረው። ወንድምዬው በእሱ ተራ ሚስቱን መላክ ጀመረ። «ያው እኛ ነን» አለ። አይደለም! ምራቷ የራሷ ልጆች አሏት፣ አማቷን እንዴት እንደምታነሳም ያሳያት የለም። ስለዚህ ወረቀቱን እንደገና ጻፍነው፦ ሌሊቱን ራሱ ያድራል፤ ካልቻለ ለዚያ ሌሊት ሰው ይቀጥራል፣ ከኪሱ። አሁን ያድራል። ያጉረመርማል፣ ግን ያድራል።

እንዲህ ያለ ስምምነት ስታደርጉ ከብሩ ይልቅ የምትጣሉት በሌሊቱ፣ በሐኪም ቤት ወረፋውና ጧሪዋ በምታርፍበት ቀን ነው። እነሱን ቀድማችሁ ጻፉ።

«ዓረብ አገር ያለችው አላት፣ እሷ ትክፈል።»

አላት ያለው ማነው? የሰው ቤት ሥራ በኮንትራት ነው። አሠሪው ደመወዝ ያዘገያል፣ ኮንትራቱ ያልቃል፣ አንዳንዷ ምንም ሳትይዝ ትመለሳለች። ሙሉውን ሸክም እሷ ላይ የጣለ ቤተሰብ ብሩ የቆመ ቀን ዳይፐር መግዣ ያጣል። የላከችውን ብር ወንድሟ በራሱ ሒሳብ እየተቀበለ «እኔ ሰጠሁ» ሲልም አይቻለሁ። ብሩ በእናትየው ወይም በጧሪዋ ሒሳብ ይግባ። ሥራዋን ካጣች ምን እንደሚደረግም ከወዲሁ ተነጋገሩ።

«ወንድ ልጅ ነው ጧሪ፤ ሴት የሰው ናት።»

ሕጉ ጾታ አይለይም። ቀጥሎ።

«ቀለብ አባት ለልጁ የሚቆርጠው ነው እንጂ ለእናት ምን ቀለብ አለ?»

አለ። በቤተሰብ ሕጉ ወላጅ ለልጅ፣ ልጅም ለወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምናም ነው። ሁለት ነገር ይታያል፦ ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል መሆኑ፣ ከዚያም የልጁ አቅም። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ እናትየው አንዱን ብቻ መጠየቅ ይችላሉ። የከፈለው ደግሞ ዞሮ ሌሎቹን ድርሻቸውን ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝም ብለው በመቆየት ነው። በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ በመርህ ደረጃ ይቀራል። «አምስት ዓመት አልሰጠንም» ብሎ መምጣት እንግዲህ ብዙ አያስኬድም።

«አበጋር ፊት ያለቀ ነገር ወረቀት አያሻውም።»

የወሎን የእርቅ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮችን፣ አከብራለሁ። ሼኩም ቄሱም አብረው ተቀምጠው፣ እኔ ዓመት የምፈጅበትን ጠብ በአንድ ከሰዓት ሲያበርዱ አይቻለሁ። ነገር ግን እርቁን ያዩት ሽማግሌዎችም ያረጃሉ፣ ይሞታሉም። የተስማማችሁበትን በሁለት ገጽ ጻፉ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ፣ እያንዳንዳችሁ ቅጂ ያዙ። ይህን የምለው ጠበቃ ስለሆንኩ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ።

«የጦርኳት እኔ ነኝ፣ ቤቱ የኔ ነው።»

ይህን የምትለዋን ሳይ ያመኛል። ያለ ኑዛዜ በሞተ ሰው ውርስ ላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች ሁሉ እኩል ወራሾች ናቸው። አንዷ ዓመታት አንሶላ አጥባ፣ ሌላው ለቀብር ብቻ ቢመጣም ድርሻቸው አንድ ነው። ቤተሰቡ ሙስሊም ሆኖ ሁሉም ከተስማሙ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ አንዱ እንቢ ካለ ግን ወደ መደበኛው ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ «ጦሬያለሁ» ማለት ብቻውን ቤት አያሰጥም። ቤቱን በላከው ብር ያሳደሰውም እንደዚሁ ነው። ካርታው በእናትየው ስም ከሆነና ሌላ ውል ከሌለ፣ ቤቱ ከውርሱ ጋር ይከፋፈላል።

እናትየው ለጧሪዋ ልጅ አብልጠው መስጠት ከፈለጉ፣ አእምሯቸው ሙሉ ሳለ ይናዘዙ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእሳቸውና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡ ኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ እሳቸውም ምስክሮቹም እዚያው ይፈርማሉ፤ ቀኑም ይጻፋል። ስትሮክ የመታቸው ከሆነ፣ የሚናገሩትን የሚያውቁ መሆናቸውን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ያን ሰሞን አውጡ። ተቃዋሚው ወንድም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የሚያነሳው የምስክሮቹን ማንነት ነው፤ ስለዚህ ቤቱ የሚሰጣት ልጅም ሆነች ባሏ ምስክር ሆነው አይፈርሙ።