ባትሪው ስንት ቀረው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አቦ፣ ቮልቱ 13.2 ይላል። ግማሽ አለው ማለት ነው አይደል?»

ላይሆን ይችላል። ባለ 12 ቮልቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አርፎ ሲለካ፣ ከ40 እስከ 70 በመቶ ገደማ ድረስ ቮልቱ 13.2 እና 13.3 አካባቢ ነው የሚዋልለው። ቴስተራችሁ በ0.1 ቮልት ከሳተ የባትሪውን ሲሶ ሳተ ማለት ነው። ለአሲድ ባትሪ ቮልት ይሻላል። ሲሞላ 12.7፣ ሲጋመስ 12.2 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ በርካሽ ቴስተርም ይታያል።

ጣጣው ያለው «አርፎ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ፍሪጅ እየሠራ ከለካችሁ ቮልቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሶላሩ ገና ሲሞላው ከነበረ ደግሞ ከፍ ይላል። በተለይ የአሲዱ ባትሪ ምንም ሳይገባበትና ሳይወጣበት ጥቂት ሰዓታት ማረፍ አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ፍሪጁ ቀን ከሌት የሚሠራበት ሱቅ ይህን ዕረፍት ከየት ያመጣል?

«ሹንት ያለው ሜትር ካስገጠምኩ ፐርሰንቱ አይሳሳትም።»

ሹንት በባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ መስመር ላይ የሚገባ ቁራጭ ነው፤ ሜትሩ በውስጡ የሚያልፈውን አምፔር ይቆጥራል። ያላለፈበትን አያውቅም።

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አካባቢ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጡ አንዲት እናት ጠሩኝ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪያቸው፣ ስክሪኑ 40 በመቶ እያለ ሌሊት ራሱን ዘጋ። ኢንቨርተሩን አጠፋሁ፤ ሶላሩንም ነቀልኩ። ስክሪኑ ዜሮ አምፔር አለ። ከባትሪው ኔጋቲቭ በወጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ክላምፕ ሜትር ስይዝ ግን 0.5 አምፔር አነበብኩ። የዋይፋይ ራውተሩ ሽቦ ሹንቱን ዘሎ ቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሯል።

ግማሽ አምፔር በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይበላል። ባትሪው በየቀኑ ሲሞላ ሜትሩ ራሱን ወደ 100 ስለሚመልስ ስህተቱ ተሸፍኖ ከርሟል። በዚያ ሳምንት ግን ሰማዩ ደምኖ ባትሪው ሦስት ቀን ሳይሞላ አለፈ። 36 አምፔር ሰዓት ሳይቆጠር ወጣ፤ 40 ያለው በእውነቱ 4 ነበር። የራውተሩን ኔጋቲቭ ባትሪው ካለበት ጎን አንስቼ ከሹንቱ ወዲያ ማዶ አሰርኩትና ቆጠራው ተስተካከለ።

ሽቦው ትክክል ቢሆንም ሜትሩ ራሱ በጥቂቱ ሊስት ይችላል። የ0.05 አምፔር ስህተት እንኳ ባትሪው ወር ሙሉ ካልሞላ 36 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ እስከ ጥግ ይሙላ። ቆጠራው መነሻ የሚያገኘው ያኔ ነው።

«ሜትሩ ላይ የባትሪው መጠን 100 አምፔር ሰዓት ነው ብለን አስገብተናል፤ ባትሪውም 100 ነው የተጻፈበት።»

አዲስ እያለ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲግል የከረመ ባትሪ 80 ብቻ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ስክሪኑ 20 በመቶ እያለ ባትሪው ያልቃል። ሙሉ አድርጋችሁ ራሱን እስኪዘጋ ተጠቀሙበትና ስንት አምፔር ሰዓት እንደወጣ ሜትሩ ላይ አንብቡ። በ100 ፈንታ ያንን ቁጥር አስገቡ። ይህ ለሊቲየም ነው፤ የአሲድ ባትሪን እስከዚያ ማውረድ ይጎዳዋል።