የወጣት ድመት የሌሊት ሩጫና ጩኸት ምንድን ነው?

የሌሊት ሩጫ የሚባለው ከቤት የማትወጣ ወጣት ድመት የቤቱ ሰው በተኛበት ሰዓት ከክፍል ክፍል የምትበርበት፣ ዕቃ ላይ የምትዘልበት፣ አልፎ አልፎም የመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆማ በረጅሙ የምትጮህበት ልማድ ነው። ሩጫው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። እንቅልፍ የሚነሣው ተከትሎት የሚመጣውና ሰው እስኪነሣ ድረስ የማያባራው ጩኸት ነው።

ድመት የሌሊት እንስሳ ናት ሲባል ይሰማል፤ ይሁን እንጂ በተፈጥሮዋ ይበልጥ የምትነቃው ጀንበር ስትጠልቅና ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ስትተኛ የዋለች ወጣት ድመት ታዲያ ጉልበቷን ሳትነካው ይመሽባታል፤ የምታሳድደው ነገርም ስለሌላት ያን ጉልበት በመጋረጃው፣ በምንጣፉና በተኛው ሰው እግር ላይ ታወጣዋለች። ይህ ክፋት ወይም እልህ አይደለም፤ መቆጣትም ምንም አይለውጥም።

ልማዱን ለማዛወር የሚረዳው ነገር ድመት ሁሉ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማወቅ ነው፤ ታድናለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ስለዚህ አደኑና ምግቡ ሰው ከመተኛቱ ጥቂት ቀደም ብለው እንዲመጡ ከተደረገ፣ እንቅልፉ በራሱ ጊዜ ይከተላል።

በቤቴ የነበረውን የ9 ወር የተኮላሸ ወንድ ድመት ላንሣ። በየሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጮህ ይጀምር ነበር፤ እኔም ዝም እንዲልልኝ እየተነሣሁ ሳህኑን እሞላለት ነበር። ስሕተቱ ይኸው ነበር፤ ጩኸት ምግብ እንደሚያመጣ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በዘንግ ጫፍ በክር የታሰረ ላባ ይዤ ለ15 ደቂቃ ያህል አጫውተው ጀመር። ላባውን ፊቱ ላይ ማወዛወዝ አይጠቅምም፤ እንደ አይጥ ከወንበሩ ሥር ሾልኮ ማለፍ፣ መቆም፣ ከዚያ ድንገት መሸሽ አለበት። ድመቱ ዝቅ ብሎ ኋላውን ሲያወዛውዝ አድፍጧል ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ መዝለልና መያዝ እንዲችል ይፈቀድለታል። ብርሃን ብቻ በሚያሳድድበት መጫወቻ ግን የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ አደኑ ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ጨዋታው ሲያበቃ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እያበረድኩ ወዲያው እራቱን እሰጠው ነበር፤ ይህም ተጨማሪ ምግብ ሳይሆን ከቀን ድርሻው የተቀነሰ ነው። ክርና ላባው ደግሞ ሌሊት ሊዋጡ ስለሚችሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል።

የንጋቱን ረኀብ የፈታሁት በተሞላለት ሰዓት ራሱን በሚከፍት የምግብ ሣጥን ነው። መጀመሪያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማለትም ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲከፈት አደረግሁት፤ እንዲህ ሲሆን ምግቡ ለጩኸቱ የተሰጠ መልስ መሆኑ ይቀራል፣ ድመቱም ሰውን ትቶ ሣጥኑን መጠበቅ ይለምዳል። ከዚያ በየ3 ቀኑ 15 ደቂቃ ወደ ፊት ስገፋው በ5 ሳምንት ገደማ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ።

በዚህ መካከል የሚመጣውን ፈተና አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። መልስ ማግኘት የለመደ ጩኸት መልስ ሲያጣ ከመጥፋቱ በፊት ለጥቂት ሌሊት ይብሳል፤ ብዙ ሰው ዘዴው አልሠራም ብሎ የሚተወው በዚሁ ጊዜ ነው። በ4ኛው ሌሊት ተሸንፎ በር የከፈተ ሰው ድመቷን ያስተማራት ይበልጥ ረጅም ጊዜ መጮህን ነው። መልስ መንፈግ ማለት ደግሞ አለመናገር፣ አለመቆጣት፣ ጫማ አለመወርወርም ጭምር ነው፤ ለሰለቻት ድመት ቁጣም ትኩረት ነውና።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የጩኸቱ ምክንያት ጉልበት፣ ረኀብና ልማድ ሲሆን ነው። ያልመከነች ሴት ድመት ከ4 ወር ዕድሜ ጀምሮ ወንድ መፈለግ ልትጀምር ትችላለች፤ ያኔ ቀንም ሌትም ትጮኻለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ወገቧን ሲዳስሷት ኋላዋን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትመልሳለች። ለዚህ መፍትሔው በእንስሳት ሐኪም ማስመከን ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም። ጩኸቱ የሕመምም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወንድ ድመት ወደ መጸዳጃ ሣጥኑ እየተመላለሰ ካማጠና እየጮኸ ሽንቱ ካልወጣ፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችልና ይህም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት።