«ጥንቃቄ የተሞላበት ግምት» ምንድን ነው?

«ገቢውን 20 በመቶ ቀንሼ ስላሰላሁት ግምቱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው።» የብድር ጠያቂዎችን የንግድ ዕቅድ መመርመር እንጀራዬ ነውና ይህችን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የ500 እንቁላል ጣይ ዶሮ ዕቅድ አቅርቦ፣ ከላይ 20 በመቶ ቀነሰና «ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ በራሱ ዕቅድ ውስጥ ይገኛል።

ጥንቃቄ ማለት ገቢን ማሳነስ አይደለም። ገቢውም ወጪውም ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸው ነው፤ ማለትም ከነዚያው ዶሮዎች፣ ከዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ገበያ። ገቢና ወጪ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። ቀንበሩ በየሳምንቱ በሕይወት ያሉት ዶሮዎች ቁጥርና ዕድሜያቸው ነው። 20 በመቶ የሚቀንሰው ሰው አንዱን በሬ ከቀንበሩ ፈትቶ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሌላው ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም እየሄዱ ነው፤ እርሻው ግን አልታረሰም።

የሰውየውን ስሌት እንየው። ዋጋዎቹ የእሱ ናቸው፤ እናንተ የአካባቢያችሁን ዋጋ ተክታችሁ ሥሩት። ከ500 ዶሮ 90 በመቶው በየቀኑ እንቁላል ይጥላል፣ አንድ እንቁላል 12 ብር ነው፣ ዓመቱ 365 ቀን ነው። ይህ 1,971,000 ብር ይሆናል፤ 20 በመቶ ሲቀነስ 1,576,800 ብር። ለመኖ ደግሞ ለአንድ ዶሮ በቀን 100 ግራም፣ ኪሎው በ50 ብር፣ ለዓመት 912,500 ብር ይዟል። በእሱ ቤት ከመኖ የተረፈው 664,300 ብር ነው።

አሁን ወጪው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ዶሮዎቹ የሚገዙት በሁለት ወር ዕድሜያቸው ነው ይላል። እንግዲህ ቄብ ናቸው። እንቁላል የሚጀምሩት በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ 12 ሳምንት ያህል ይበላሉ እንጂ አይጥሉም። ያው ዕቅድ ግን ገቢ የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። የወጪው ገጽ ቄብ ገዝቷል፤ የገቢው ገጽ እንቁላል ላይ ያለ ዶሮ ይዟል። 20 በመቶ ቢቀነስ ይህ ቅራኔ አይፈታም፤ ስህተቱ የብዛት ሳይሆን የጊዜ ነውና።

በነዚያ 84 ቀናት አንድ ቄብ በአማካይ 70 ግራም ቢበላ 500ው 2,940 ኪሎ ይፈጃሉ፤ 147,000 ብር ማለት ነው። የቀረው 281 ቀን ነው። መጣል ሲጀምሩም በአንድ ጊዜ 90 በመቶ አይደርሱም፤ ጫፍ ለመድረስ ስድስትና ሰባት ሳምንት ይፈልጋሉ። የሚሞትም አለ። ስለዚህ በአማካይ 470 ዶሮ በሕይወት አለ፣ በአማካይ 75 በመቶ ይጥላል ብለን እንያዝ። ከመቶ ሦስት ያህሉ እየተሰነጠቀና እየቆሸሸ ገበያ አይወጣም። የሚሸጠው ወደ 96,000 እንቁላል ነው፤ 1,152,000 ብር።

መኖስ? 90 በመቶ የምትጥል ዶሮ በ100 ግራም አትጠግብም፤ 115 አካባቢ ትፈልጋለች። ይህ ደግሞ ሌላው ቅራኔ ነው፦ ምርቱን ከዘር አምራቹ መመሪያ ወስዶ፣ መኖውን ከራሱ ኪስ አንጻር መቁረጥ። ወጪ ለመቆጠብ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብቻ እያደባለቀ የሚመግብ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ግን ገቢው ላይ 90 በመቶ የሚለውን ቁጥር መሰረዝ አለበት። በ115 ግራም ስናሰላ ለ470 ዶሮ ለ281 ቀን ወደ 759,400 ብር ይመጣል። ከ147,000ው ጋር 906,400 ብር።

ልብ በሉ፤ የመኖው ድምር ከእሱ ድምር ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ገቢው ግን ከ«ጥንቃቄው» በታች በ424,800 ብር ወርዷል። ከመኖ የሚተርፈው 245,600 ብር ሆነ፤ ከዚያ ላይ ገና የቄቡ መግዣ፣ የጠባቂው ደሞዝ፣ ክትባት፣ መብራት፣ የቤት ኪራይና የብድር ወለድ ይጠብቃሉ። የእንቁላል መያዣ ትሪ በወጪው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የለም፤ 96,000 እንቁላል ግን 30 በሚይዘው ትሪ 3,200 ትሪ ነው።

(በሙያዬ ግዴታ አንድ ነገር ልጨምር፦ የመንጋው ዕድሜ ከዓመቱ ጋር አይገጥምም። ዶሮዎቹ እስከ 72 ወይም 80 ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያረጁት ለሥጋ ይሸጣሉ፣ ኩሱም ለማዳበሪያ ገበያ ካገኘ ብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ብቻውን ሥራውን አዋጭ አይደለም ለማለት አይበቃም። ሙሉው ዑደት ይሠራ።)

ዋጋ ላይ ስንመጣ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እንቁላሉ የተተመነው ሱቅ በር ላይ በሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ መኖው ደግሞ ፋብሪካ በር ላይ በሚገዛበት። እሱ ግን ለሱቁ የሚያስረክብ ነው፣ መኖውንም ከቸርቻሪ የሚወስድ። በሁለተኛው ዓመት የእንቁላል ዋጋ 15 በመቶ ጨምሯል፤ የመኖ ኪሎ እዚያው 50 ብር ላይ ነው። የዋጋ ንረት ገቢውን አውቆት ወጪውን የዘለለበት ምክንያት አልተጻፈም።

ጾምስ? ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በአብዛኛው ደንበኛው ጾመኛ በሆነበት አካባቢ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዋ ግን ያንኑ 115 ግራም ትበላለች። ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው ይነሣል፤ እንቁላል ግን እስከዚያ ተከማችቶ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ዕቅዱ ውስጥ 12ቱ ወራት አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ሳይ፣ ጸሐፊው ገበያ ወጥቶ እንዳልጠየቀ አውቃለሁ።

«ታዲያ ስንት በመቶ ልቀንስ?» ይለኛል ሰውየው። አትቀንስ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ስንት ዶሮ እንዳለና በስንት ሳምንት ዕድሜ እንደሆነ አንድ ረድፍ ጻፍ። የእንቁላሉም፣ የመኖውም፣ የክትባቱም፣ የትሪውም ቁጥር ከዚያ ረድፍ ይወለድ። የዶሮውን ቁጥር ስትቀንስ መኖው አብሮ ካልቀነሰ፣ የመጣል አቅሙን ስታሳድግ መኖው ካልጨመረ፣ ሁለቱ በሬዎች አልተጠመዱም። ከዚያ በኋላ ፈትነው፦ እንቁላል 10 በመቶ ቢረክስ 115,200 ብር ይሄዳል፤ መኖ 10 በመቶ ቢወደድ ሌላ 90,640። ሁለቱ በአንድ ዓመት ከገጠሙ ከ245,600ው የሚቀረው 39,760 ብር ብቻ ነው። ጥንቃቄው ይህንን አውቆ መግባት ነው።

የብድሩ አከፋፈልም ከዚያው ረድፍ ይነበባል። አንድ ዶሮ በቀን የ5 ብር ከ75 ሳንቲም መኖ ትበላለች፣ እንቁላሏ 12 ብር ነው፤ ስለዚህ የመንጋው ግማሽ ያህሉ መጣል እስኪጀምር ድረስ እንቁላሉ መኖውን እንኳ አይሸፍንም። ዕቅዱ ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ሁለተኛው ወር ላይ አስቀምጧል። የእፎይታ ጊዜው ቢያንስ አራት ወር እንዲሆን መጠየቅ ነበረበት፤ 147,000ው ብርም የሥራ ማስኬጃ ተብሎ ከብድሩ ገንዘብ ውስጥ አስቀድሞ መያዝ ነበረበት።